ክብደት ያለው ዕጣ፦ በተጠራቀመ ድምርና በባይነሪ ሰርች መምረጥ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ዐሥር መስመር በማይሞላ አንድ ፕሮግራም ላይ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ እኩል ያልሆነ ዕድል ያላቸው ብዙ ውጤቶች ሲኖሩ፣ ኮምፒዩተር ከመካከላቸው አንዱን በተወሰነለት ዕድል ልክ እንዲመርጥ የሚደረገው እንዴት ነው? አሠራሩ የታወቀ ነው። ክብደቶቹን እየደመሩ ማስቀመጥ፣ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ማውጣት፣ ከዚያም ቁጥሩ የወደቀበትን ቦታ መፈለግ። ከሦስቱ አንዱም የሚከብድ አይመስልም። ሆኖም ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ በሚገናኙበት ቦታ የአንድ ቁጥር ስሕተት ከገባ፣ ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ እየሠራ ታላቁን ሽልማት እጥፍ አድርጎ ሊያድል ወይም ጨርሶ ለማንም እንዳይደርስ ሊያደርግ ይችላል። ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ ስሕተት በየት በኩል እንደሚገባና በምን እንደሚያዝ ነው።

ከእቁብ እንነሣ። በእቁብ ሁለት ዕጣ የገባ አባል ስሙ በሁለት ወረቀት ይጻፋል፤ አንድ ዕጣ የገባው ደግሞ በአንድ። ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ከተደባለቁ በኋላ አንዱ ሲነሣ፣ ሁለት ዕጣ ያለው አባል የመውጣት ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ማንም ሰው የሒሳብ ማስረጃ አይጠይቅም። ክብደት ያለው የዘፈቀደ ምርጫ ማለት ይኸው ነው፤ ክብደት የወረቀቶች ብዛት ነው።

ኮምፒዩተርም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ስሞቹን በየክብደታቸው ልክ ደጋግሞ በአንድ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጥና ከዝርዝሩ አንዱን ያነሣል። ክብደቶቹ ትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ ይህ ዘዴ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለመሳሳት የማይመች ስለሆነ እኔ አልንቀውም። ክብደቶቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ግን ያንኑ ስም ሚሊዮን ጊዜ መጻፍ ከንቱ ብክነት ነው። ወረቀቶቹን በተራ ብንቆጥራቸው፣ የእያንዳንዱ ስም ወረቀቶች በየት ቁጥር ላይ እንደሚያበቁ ማወቅ ብቻ ይበቃናል። የተጠራቀመ ድምር የሚነግረን ይህንን ማብቂያ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አንድ መደብር ዕቃ ለገዛ ደንበኛ ሁሉ በኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል እንበል። ከ1000 ወረቀት 1 ቴሌቪዥን፣ 9 የእጅ ስልክ፣ 40 ባለ 100 ብር የስልክ ካርድ፣ 150 ባለ 25 ብር ካርድ ያስገኛል፤ የቀሩት 800 ባዶ ናቸው። ሽልማቶቹን በዚሁ ቅደም ተከተል ከ0 እስከ 4 ቁጥር እንስጣቸው። ክብደቶቹ 1፣ 9፣ 40፣ 150 እና 800 ሲሆኑ የተጠራቀሙት ድምሮች 1፣ 10፣ 50፣ 200 እና 1000 ይሆናሉ።

አሁን ወረቀቶቹን ከ0 እስከ 999 እንቁጠራቸው። ቴሌቪዥኑ ያለው በወረቀት ቁጥር 0 ላይ ብቻ ነው። የእጅ ስልክ ከ1 እስከ 9፣ ባለ 100 ብር ካርድ ከ10 እስከ 49፣ ባለ 25 ብር ካርድ ከ50 እስከ 199፣ ባዶው ከ200 እስከ 999 ይይዛል። ልብ በሉ፣ የእያንዳንዱ ሽልማት የተጠራቀመ ድምር የራሱ የመጨረሻ ወረቀት ቁጥር አይደለም፤ የቀጣዩ ሽልማት የመጀመሪያ ወረቀት ቁጥር ነው። 10 ቁጥር የእጅ ስልክ አይደለም፣ ካርድ ነው። ስለዚህ የወጣውን ቁጥር `r` ብንለው፣ የምንፈልገው የተጠራቀመ ድምሩ ከ`r` የሚበልጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ነው። «የሚበልጠውን» ነው ያልሁት፤ «የሚበልጠውን ወይም የሚተካከለውን» አላልሁም። የዛሬው ንግግር ክብደት ያረፈው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
from itertools import accumulate
from bisect import bisect_right
from random import randrange

weights = [1, 9, 40, 150, 800]
cum = list(accumulate(weights))  # [1, 10, 50, 200, 1000]

def pick(r):
    return bisect_right(cum, r)

def draw():
    return pick(randrange(cum[-1]))  # 0 ... 999
```

`bisect_right` የሚሠራው በባይነሪ ሰርች ነው፤ ማለትም ዝርዝሩን ከመካከሉ እየከፈለ፣ መልሱ የሌለበትን ወገን እየጣለ ይፈልጋል። ይህ የሚቻለው የተጠራቀሙ ድምሮች ምንጊዜም ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ስለሆኑ ነው፤ ክብደት አሉታዊ እስካልሆነ ድረስ ድምሩ ወደ ኋላ አይመለስም። ለምሳሌ የወጣው ቁጥር 137 ቢሆን፣ የፍለጋው ክልል በመጀመሪያ ከ0 እስከ 5 ነው። መካከሉ 2 ነው፤ እዚያ ያለው ድምር 50 ከ137 አይበልጥምና ከ2 በታች ያለው ሁሉ፣ ራሱ 2ም ጭምር፣ ይጣላል። ከ3 እስከ 5 ባለው መካከሉ 4 ነው፤ 1000 ከ137 ስለሚበልጥ መልሱ 4 ወይም ከእርሱ በፊት ያለ ነው። የቀረው 3 ነው፤ 200ም ከ137 ይበልጣል። መልሱ 3፣ ባለ 25 ብር ካርድ ሆነ። ሦስት ንጽጽር ብቻ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ለአምስት ሽልማት ባይነሪ ሰርች የግድ አያስፈልግም። ባዶውን ከፊት አስቀምጠን ከመጀመሪያው እየተነሣን ብንቆጥር፣ ከ1000 ጊዜ 800ውን በአንድ ንጽጽር ብቻ እንጨርሳለን። የባይነሪ ሰርች ጥቅም የሚገለጠው ዝርዝሩ ሲረዝም ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ውጤቶች ከ20 ያልበለጠ ንጽጽር ይበቃዋል። ረጅም ዝርዝር የሚያጋጥመው በጨዋታ ብቻ አይደለም። በናሙና ጥናት አንድን አካባቢ በነዋሪዎቹ ብዛት ልክ መምረጥ ሲያስፈልግ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የየአካባቢውን ሕዝብ እየደመሩ በዓምድ ይጽፉና የዘፈቀደ ቁጥሩ በየትኛው ድምር ሥር እንደወደቀ ያያሉ። ሃንሰንና ኸርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጡት ጽሑፍ የመጠን ተመጣጣኝ ምርጫን ንድፈ ሐሳብ አስቀምጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም 645ቱ የቆጠራ ቦታዎች የተመረጡት በመጠናቸው ተመጣጣኝ በሆነ ዕድል ነው። በእጅ በሚሠራ ዓምድ ላይም ያችው የወሰን ጥያቄ ትነሣለች፦ ከድምሩ ጋር እኩል የሆነ ቁጥር ቢወጣ የማን ነው?

ወደ ስሕተቱ እንግባ። ፓይተን `bisect_left` የሚባል ሌላ ፍለጋም አለው። ይህኛው የሚመልሰው ድምሩ ከ`r` የሚበልጠውን ወይም የሚተካከለውን የመጀመሪያ ቦታ ነው። አንድ ተማሪ በ`bisect_right` ፈንታ ይህን ቢጽፍ ምን ይሆናል? ቁጥር 0 ሲወጣ ቴሌቪዥን፤ ቁጥር 1 ሲወጣም፣ የቴሌቪዥኑ ድምር 1 ስለሆነና ስለሚተካከል፣ እንደገና ቴሌቪዥን። የእጅ ስልክ ከ2 እስከ 10 ይይዛል፤ ይህም 9 ነው። ካርዶቹ ከ11 እስከ 50 እና ከ51 እስከ 200 ይሆናሉ፤ እነዚህም 40 እና 150 ናቸው። ባዶው ከ201 እስከ 999፣ ማለትም 799 ይሆናል። በመካከል ያሉት ሦስት ሽልማቶች ፍጹም ትክክል ሆነው ቀሩ። ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ስለተገፉ ያተረፈው የመጀመሪያው፣ የከሰረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ባዶው ከ800 ወደ 799 ቢወርድ ማንም አያስተውልም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከ1 ወደ 2 ወጥቷል፣ እጥፍ ሆኗል።

የቴሌቪዥኑ ዋጋ 40,000 ብር፣ የደንበኞቹ ቁጥር 20,000 ነው ብንል፣ መደብሩ በአማካይ 20 ቴሌቪዥን እሰጣለሁ ብሎ 40 ይሰጣል። ልዩነቱ 800,000 ብር ነው። ሽልማቶቹ የተደረደሩት ተገልብጠው ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ ባዶው ከፊት፣ ቴሌቪዥኑ ከኋላ ስለሚሆን፣ ያው ስሕተት ባዶውን 801 ያደርግና ለቴሌቪዥኑ 1000 ቁጥርን ብቻ ይተውለታል። 1000 ደግሞ ፈጽሞ አይወጣም። በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ብቻ፣ አንዱ ስሕተት በአንድ ወገን መደብሩን፣ በሌላ ወገን ደንበኛውን ይጎዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው የስሕተት መንገድ ከቁጥሩ አወጣጥ ይመጣል። ብዙ ሰው መቁጠር የሚጀምረው ከ1 ስለሆነ፣ የዘፈቀደውን ቁጥር ከ1 እስከ 1000 ያወጣና ፍለጋውን በ`bisect_right` ይተወዋል። በዚህ ጊዜ ከሺህ አንዴ 1000 ይወጣል፤ ከ1000 የሚበልጥ ድምር ስለሌለም ፍለጋው 5ን ይመልሳል። አምስተኛ ቁጥር ሽልማት የለምና ፕሮግራሙ ይቆማል። ይህ በራሱ መልካም ዜና ነበር፤ ስሕተቱ ራሱን አጋልጧል። መከራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ እንዳይቆም ብቻ የፈለገ ሰው «መልሱ ከ4 ከበለጠ 4 አድርገው» የምትል አንዲት መስመር ይጨምራል። አሁን ፕሮግራሙ አይቆምም። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ወረቀት 0 ነው፤ 0 ደግሞ ከ1 እስከ 1000 በሚወጣ ዕጣ ውስጥ የለም። ማስታወቂያው በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ቴሌቪዥኑ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሊያሸንፈው አይችልም። የእጅ ስልኩ 9፣ ካርዶቹ 40 እና 150 እንደሆኑ ናቸው፤ ባዶው 801 ሆኗል።

ከ1 መቁጠር በራሱ ስሕተት አይደለም። ከ1 እስከ 1000 የሚያወጣ ሰው `bisect_left` ቢጠቀም ውጤቱ ትክክል ይሆናል፤ ከ0 እስከ 999 የሚያወጣ `bisect_right` ቢጠቀምም እንዲሁ። ትክክል የሆኑ ሁለት ጥንዶች፣ ስሕተት የሆኑ ሁለት ጥንዶች አሉ። እኔ የማስተምረው የመጀመሪያውን ነው፤ ከ0 የሚጀምረውን። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ከእንደዚህ ዓይነቱ ስሕተት መኖሩን እንዴት እናውቃለን? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡልኝ መልስ «ሺህ ጊዜ አውጥቼ ቆጠርሁ፣ ተቀራራቢ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ እዚህ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። ትክክለኛው ፕሮግራም በሺህ ዕጣ አንድም ቴሌቪዥን ሳያወጣ የመቅረት ዕድሉ 37 ከመቶ ያህል ነው፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የማውጣት ዕድሉም 26 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ዜሮም ብናይ፣ ሁለትም ብናይ የምንፈርደው ነገር የለም። በዐሥር ሺህ ዕጣ ነገሩ ይሻላል፤ ትክክለኛው በአማካይ 10፣ ስሕተተኛው 20 ወይም 0 ያወጣልና ልዩነቱ ይታያል። ክብደቱ ከሚሊዮን 1 ለሆነ ሽልማት ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስጠት ዐሥር ሚሊዮን ዕጣ ማውጣት ሊኖርብን ነው።

የተሻለው መንገድ ዕድልን ከፈተናው ማስወጣት ነው። ቀደም ሲል ባየነው ፕሮግራም `pick` እና `draw` የተለያዩት ለዚህ ነው። `draw` ቁጥር ያወጣል፤ `pick` የተሰጠውን ቁጥር ወደ ሽልማት ይለውጣል፣ በእርሱ ውስጥ ዘፈቀደ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሺሁንም ወረቀት አንድ በአንድ ልንሰጠውና የየሽልማቱን ድርሻ ልንቆጥር እንችላለን፦

```python
count = [0] * len(weights)
for r in range(cum[-1]):
    count[pick(r)] += 1
assert count == weights
```

ይህ ፈተና ግምት አይደለም። ቆጠራው ከክብደቶቹ ጋር ቁጥር በቁጥር ካልገጠመ ፕሮግራሙ ስሕተት ነው፤ ከገጠመ የ`pick` ክፍፍል ትክክል ነው። በ`bisect_left` የተጻፈውን ብትፈትኑት ቆጠራው 2፣ 9፣ 40፣ 150፣ 799 ይሆንና ፈተናው ይወድቃል። ድምሩ በቢሊዮን የሚቆጠር ከሆነና ሁሉንም መቁጠር ካልተቻለ፣ ወሰኖቹን ብቻ መፈተን ይበቃል፤ ክብደቱ ዜሮ ላልሆነ ሽልማት ሁሉ የራሱን የመጨረሻ ወረቀት `cum[i]-1` ስንሰጠው ራሱን፣ የመጀመሪያ ወረቀቱንም ስንሰጠው ራሱን መመለስ አለበት። በእርግጥ ይህ ፈተና `draw` የሚያወጣው ቁጥር ከ0 እስከ 999 መሆኑን አይመለከትም፤ እርሱን በንባብ ማረጋገጥ ይገባል። ደግነቱ አንዲት መስመር ናት።

በዚህ ረገድ የባይነሪ ሰርች ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ዶናልድ ክኑዝ እንደመዘገበው፣ ስለዚህ ፍለጋ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን ለማንኛውም የዝርዝር ርዝመት በትክክል የሚሠራው ግን እስከ 1960 አልታተመም። ዐሥራ አራት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ራሳችሁ ለልምምድ ጻፉት፤ ለሥራ ግን የተዘጋጀውን ተጠቀሙ።

ክብደቶቹ ሙሉ ቁጥር ካልሆኑ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 0.1ን ዐሥር ጊዜ እየደመራችሁ ብትሄዱ ፓይተን የሚሰጣችሁ 1 አይደለም፤ `0.9999999999999999` ነው። ድምሩ 1 ነው ብሎ በማሰብ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም፣ እጅግ አልፎ አልፎ ከመጨረሻው ድምር ያላነሰ ቁጥር ሊያወጣና ከዝርዝሩ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። የፓይተን `random.choices` የተጠራቀመ ድምርንና `bisect`ን የሚጠቀም ሲሆን፣ ቁጥሩን በትክክለኛው የመጨረሻ ድምር ያባዛል፣ ፍለጋውንም ከመጨረሻው ሽልማት እንዳያልፍ ይገድባል። ይህ ገደብ ቅድም ካየነው ጥገና ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚሸፍነው የማጠጋጋት ስሕተትን እንጂ የወሰን ስሕተትን አለመሆኑ ነው። የሚቻል ሲሆን ግን ከመቶ 0.1 ከማለት ከሺህ 1 ብሎ በሙሉ ቁጥር መሥራትን እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ወደ እቁቡ ይመልሰናል። በእቁብ የወጣ ወረቀት ተመልሶ አይገባም። እስከ አሁን ያየነው ፕሮግራም ግን ወረቀቱን በየጊዜው ይመልሳል፤ ለ20,000 ደንበኞች በአማካይ 20 ቴሌቪዥን ይሰጣል እንጂ በትክክል 20 አይሰጥም። 13 ወይም 27 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። መደብሩ 20 ቴሌቪዥን ገዝቶ 20 እንደሚሰጥ ካስታወቀ፣ የተጻፈው ፕሮግራም ምንም የወሰን ስሕተት ባይኖርበትም የተነገረውን አይፈጽምም። በዚህ ጊዜ ክብደቶቹን የቀሩት ወረቀቶች ብዛት ማድረግ ያስፈልጋል፦ 20፣ 180፣ 800፣ 3000፣ 16000። አንድ ሽልማት በወጣ ቁጥር ከክብደቱ 1 ይቀነስና ድምሮቹ እንደገና ይሠራሉ። ለአምስት ሽልማት ይህ ምንም አይደለም። ውጤቶቹ ብዙ ሺህ ከሆኑና ክብደታቸው በየጊዜው ከተለወጠ፣ ፒተር ፌንዊክ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው የዛፍ አሠራር ክብደት መለወጡንም ፍለጋውንም በባይነሪ ሰርች ያህል እርምጃ ይፈጽማል።

አሁን ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ወጥተው አለቁ እንበል። የመጀመሪያው ክብደት 0፣ የመጀመሪያውም ድምር 0 ሆነ። ከ0 የሚጀምረው ጥንድ እዚህ ላይ ይጸናል፤ ከ`r` የሚበልጥ ድምር ስለሚፈልግና 0 ከ0 ስለማይበልጥ ቴሌቪዥኑን ያልፈዋል። ከ1 የሚጀምረው ጥንድም ይጸናል፣ ነገር ግን ሰው እጁ ለምዶ አንድ ቀን `randrange(total)` ብሎ ከጻፈ 0 ቁጥር ይወጣል፣ `bisect_left`ም 0 ከ0 ጋር ይተካከላል ብሎ የሌለውን ቴሌቪዥን ይሸልማል። በ20,000 ወረቀት መካከል አንድ ወረቀት ነውና መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ ወረቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ዕድሉ ያድጋል። አንድ ባዶ ወረቀት ብቻ በቀረ ጊዜ ድምሮቹ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1 ይሆናሉ፤ ሊወጣ የሚችለውም ቁጥር 0 ብቻ ነው። `bisect_right` 4ን፣ ማለትም ባዶውን ይመልሳል። `bisect_left` ግን 0ን ይመልሳል፦ የመጨረሻው ደንበኛ መደብሩ የሌለውን ቴሌቪዥን ያሸንፋል፣ በየጊዜው፣ ያለ አንዳች ዘፈቀደ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።